የፖሊስ ጣቢያው ቃልና የችሎቱ ቃል ሲጋጩ
ለጥብቅና ተማሪዎች የተዘጋጀ የመስቀለኛ ጥያቄ ልምምድ በረሖቮት



በረሖቮት ከተማ ከምትኖሩት መካከል አንዳችሁ ነገ ጠዋት የምስክርነት መጥሪያ በፖስታ ሣጥናችሁ ውስጥ ልታገኙ ትችላላችሁ። ክስ የለባችሁም፤ ያጠፋችሁትም ነገር የለም። የተጠራችሁት ያያችሁትን እንድትናገሩ ብቻ ነው። ነገር ግን ከወራት በፊት ስለዚያው ጉዳይ ለፖሊስ ቃል ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ከእናንተ ቀድሞ ችሎት ደርሷል። በ1982 የወጣው የእስራኤል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 74 የተከሳሹ ጠበቃ የምርመራውን መዝገብ እንዲመለከት ስለሚፈቅድለት፣ ጠበቃው የዚያን ቀን ቃላችሁን አንብቦ መጥቷል። የዛሬው ቃላችሁ ከዚያኛው ከተለየ ስለ ልዩነቱ ይጠይቃችኋል። ይህ አጠያየቅ በዕብራይስጥ ሐኪራ ኔግዲት፣ በአማርኛ መስቀለኛ ጥያቄ ይባላል።

ነገሩ ለታላላቆቻችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገት ያዩ አሉ። በኢትዮጵያ በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም የምስክር አጠያየቅን በሦስት ይከፍለዋል፤ ምስክሩን የጠራው ወገን የሚያቀርበው ዋና ጥያቄ፣ ተቃራኒው ወገን የሚያቀርበው መስቀለኛ ጥያቄ፣ በመጨረሻም የጠራው ወገን እንደገና የሚያቀርበው ድጋሚ ጥያቄ ናቸው። የእስራኤል ፍርድ ቤቶችም ከእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን የወረሱት ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። እዚህ እንደ አሜሪካ ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች የሉም። ምስክሩን የሚያምነው ወይም የማያምነው ዳኛው ራሱ ነው።

ለጥብቅና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ይህን አጠያየቅ ከመጽሐፍ ብቻ አይማሩትም። አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ የተከሳሽ ጠበቃ፣ አንዱ ደግሞ ምስክር ሆነው በተዘጋጀ መዝገብ ላይ ይለማመዳሉ። ከዚህ በታች የምናቀርብላችሁ እንዲህ ያለ የልምምድ መዝገብ ነው። ሰዎቹም ስርቆቱም የተፈጠሩ ናቸው። ቦታው ግን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የረሖቮቱ ቂርያት ሞሼ ሰፈር ነው።

መዝገቡ

በጥር ወር አንድ ምሽት በሰፈሩ ያለ ማኮሌት ተሰብሮ ሲጋራና ገንዘብ ተወሰደ። ባለሱቁ ሱቁን የዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም በ19፡30 ነው። መሰበሩን ያየው በማግስቱ ማለዳ ነበር። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የ60 ዓመት ሴት ከሰገነታቸው ሆነው አንድ ልጅ ሲሮጥ አይተዋል። ከአገር ቤት የመጡት በቅርቡ ስለሆነ ዕብራይስጥ አይችሉም። ፖሊሱ ጠዋት ቤታቸው መጥቶ ቃላቸውን ሲቀበል ያስተረጎመችው የ13 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ሁለት ገጽ በዕብራይስጥ ተጻፈ፤ እርሳቸውም በሁለቱም ገጾች ግርጌ ፈረሙ። ከስምንት ወር በኋላ ችሎት ቀርበው በፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አማካይነት መሰከሩ። የተከሰሰው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዕድሜው 19 ነው።

ሁለቱ ቃሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሦስት ነገር ይለያያሉ። አንደኛ፣ የፖሊሱ ወረቀት ነገሩ የሆነው በ02፡00 ነው ሲል፣ በችሎት ግን በ20፡00 ነው ብለዋል። ሁለተኛ፣ በወረቀቱ ላይ የልጁ ሹራብ ጥቁር ነው፤ በችሎት ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ «ፊቱን አላየሁም» ይላል፤ በችሎት ግን «ፊቱን አይቻለሁ፣ እሱ ነው» ብለው ተከሳሹን በጣታቸው አሳይተዋል።

ለተማሪው የሚሰጠው የቤት ሥራ እንዲህ የሚል ነው፤ «የተከሳሹ ጠበቃ አንተ ነህ። ከሦስቱ የትኛውን ትጠይቃለህ? እንዴትስ?»

የትኛው ልዩነት ዋጋ አለው?

ልምድ የሌለው ተማሪ ሦስቱንም ይይዛል፤ ከትልቁ ቁጥር፣ ከሰዓቱ ይጀምራል። በችሎት 20፡00፣ በወረቀት 02፡00። በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። ምስክሯን ለመጣል ከዚህ የሚበልጥ ምን ይገኛል ብሎ ያስባል።

እናንተ ግን ምክንያቱን ከወዲሁ ሳታውቁት አልቀራችሁም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ነው። ምስክሯ ለልጅ ልጃቸው «ማታ ሁለት ሰዓት» አሏት። ልጅቷ ቃሉን እንዳለ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው፤ ፖሊሱም 02፡00 ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ያሉት ግን በዚህ አገር አቆጣጠር 20፡00 ነው። በሁለቱም ቀን የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የተጋጨው ወረቀቱ ብቻ ነው። ምልክቱም ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት መሆኑ ነው። አማርኛ የሚናገር ምስክር ባለበት መዝገብ ውስጥ በትክክል የስድስት ሰዓት ልዩነት ያየ ጠበቃ ወይም ዳኛ፣ ውሸት ከመፈለጉ በፊት አቆጣጠሩን ማጣራት ይገባዋል።

ተማሪው ይህን ሳያጣራ ከሰዓቱ ቢጀምር የሚደርስበትን ተመልከቱ። መስቀለኛ ጥያቄው ሲያልቅ ዐቃቤ ሕጉ በድጋሚ ጥያቄ ይነሳል። «ለፖሊሱ በምን ቋንቋ ተናገሩ?» ይላል። «በአማርኛ።» «ሰዓቱን ምን ብለው ነገሩት?» «ማታ ሁለት ሰዓት ብዬ።» «በአገርዎ ማታ ሁለት ሰዓት የሚባለው መቼ ነው?» «ፀሐይ ከገባች ከሁለት ሰዓት በኋላ።» ነገሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም። ዳኛው ከእንግዲህ በወረቀቱ ላይ ያለውን ልዩነት ሁሉ የልጅቷ የትርጉም ስሕተት አድርጎ ማየት ይጀምራል። ጠንካራው ነጥብ፣ የፊቱ ነገር፣ በደካማው ነጥብ ምክንያት ይወድቃል።

የሹራቡም ቀለም ቢሆን አይረባም። በማታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊን ማን ይለያል? እንዲህ ያለውን የሚያነሳ ጠበቃ ሌላ የሚናገረው እንደሌለው ያስመሰክራል። ስለዚህ የሚጠየቀው አንዱ ብቻ ነው፤ ፊቱን ማየት ወይም አለማየት። ተከሳሹ የሚፈረድበት ወይም ነጻ የሚወጣው በዚሁ ላይ ነውና።

ሦስቱ እርምጃዎች

የቀረው አጠያየቁ ነው። በሙግት ልምምድ ትምህርት ሦስት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይሠራሉ። መጀመሪያ ምስክሯ ዛሬ በተናገሩት ቃል ላይ ይታሰራሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ቃል የታመነ መሆኑ በራሳቸው አፍ ይጸናል። በመጨረሻ ሁለቱ ይጋጫሉ። ወረቀቱ ከሦስተኛው እርምጃ በፊት አይነበብም። አስቀድሞ ከተነበበ፣ ምስክሯ ሁለቱን ቃሎች የሚያስታርቅ መልስ ለማግኘት ጊዜ ያገኛሉ። ጥያቄዎቹም አጫጭር ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ መልሱም «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። በልምምዱ ላይ እንዲህ ይካሄዳል።

ጠበቃ፦ ዛሬ ለዐቃቤ ሕጉ ሲመልሱ፣ የሚሮጠውን ልጅ ፊቱን አይቻለሁ ብለዋል።
ምስክር፦ አዎ፣ ብያለሁ።
ጠበቃ፦ ያዩት በራስዎ ዓይን ነው።
ምስክር፦ በራሴ ዓይን ነው።
ጠበቃ፦ እሱ ነው ብሎ የነገረዎት ሰው የለም።
ምስክር፦ ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያው እርምጃ እዚህ ላይ አበቃ። ከእንግዲህ «አይ፣ እንዲህ ለማለት አልነበረም» የሚባልበት በር ተዘግቷል። ሁለተኛው ይቀጥላል።

ጠበቃ፦ በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ቤትዎ መጥቶ ቃልዎን ተቀብሏል።
ምስክር፦ አዎ፣ መጥቷል።
ጠበቃ፦ ነገሩ ከሆነ ገና አንድ ቀን አልሞላውም።
ምስክር፦ አልሞላውም።
ጠበቃ፦ የተናገሩትም እውነቱን ነው።
ምስክር፦ እንዴታ! ለምን እዋሻለሁ?
ጠበቃ፦ በዚህ ወረቀት ግርጌ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።
ምስክር፦ የእኔ ነው።

አሁን ሦስተኛው እርምጃ ይመጣል። ጠበቃው ገጹንና መስመሩን ጠርቶ፣ ቃሉን ሳያሳጥርና ሳያስውብ እንደተጻፈ ያነባል።

ጠበቃ፦ ሁለተኛው ገጽ፣ አራተኛው መስመር። አስተርጓሚው እንዳለ ይተርጉምልኝ። «ከኋላው ነው ያየሁት፤ ፊቱን አላየሁም።» እንዲህ ተጽፏል።
ምስክር፦ እንዲህ ይላል።
ጠበቃ፦ ሰባተኛው መስመር። «የጎረቤቴ ልጅ መሆኑን ጠዋት ሰዎች ነገሩኝ።» ይህም ተጽፏል።
ምስክር፦ ተጽፏል።
ጠበቃ፦ ጨርሻለሁ፣ ክቡር ዳኛ።

ጠበቃው ለምን ሁለት መስመር እንዳነበበ ልብ በሉ። አራተኛው መስመር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ዐቃቤ ሕጉ «ልጅቷ ተሳስታ ተርጉማለች» ሊል ይችላል። ሰባተኛው መስመር ግን ከእርሱ ተለይቶ የቆመ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ያንኑ ይመሰክራል፤ ፊቱን ያየ ሰው ማን እንደነበረ ጠዋት ከሰዎች መስማት አያስፈልገውም። አስተርጓሚ አንድ ቃል ሊስት ይችላል። እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በአጋጣሚ ይፈጥራል ማለት ግን ከባድ ነው። የሰዓቱ ልዩነት ባዶ፣ የፊቱ ልዩነት እውነተኛ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው።

አንድ ጥያቄ ሲበዛ

በልምምዱ ላይ አብዛኛው ተማሪ የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ምስክሯ «ተጽፏል» ሲሉ ደስ ይለውና አንድ ይጨምራል፤ «ታዲያ ዛሬ ለምን ሌላ ተናገሩ?» ምስክር ሆና የምትጫወተው ተማሪ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ከመምህሩ በምስጢር ተሰጥቷታል፤ «ያን ቀን ፈርቼ ነበር። የልጁ እናት አብራኝ ውኃ የጠጣች ጎረቤቴ ናት፤ ለቅሶም ሠርግም አብረን ነው የምንውለው። እንዴት ብዬ ልጇን ልስጥ? ችሎት ፊት እውነት ተናገሪ ስባል ግን መዋሸት አልቻልኩም።»

ዳኛው ብዕሩን አንስቶ ይጽፋል። እስከዚህች ጥያቄ ድረስ የተጣለው የዛሬው ቃል ነበር። አሁን የተጣለው የፖሊሱ ቃል ሆነ፤ ያስጣለውም የተከሳሹ ጠበቃ ራሱ ነው። አሜሪካዊው የሕግ መምህር ኧርቪንግ ያንገር በ1970ዎቹ ዓመታት ስለ መስቀለኛ ጥያቄ ባስተማራቸው ታዋቂ አሥር ትእዛዛት ውስጥ፣ ምስክሩ እንዲያብራራ ዕድል አትስጥ፣ አንድ ጥያቄ አታብዛ፣ ክርክርህን ለመዝጊያው ንግግር አቆይ የሚሉት ይገኛሉ። በእስራኤልም ጠበቃው «ከሁለቱ ቃሎች የትኛው ይታመናል?» የሚለውን የሚናገረው ምስክሯ ከሄዱ በኋላ፣ ሲኩሚም በሚባለው የመደምደሚያ ክርክር ጊዜ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጠበቃው ባይጠይቅም ዐቃቤ ሕጉ በድጋሚ ጥያቄ ምክንያቱን ሊያስነግራቸው ይችላል። ስለዚህ መስቀለኛ ጥያቄ ራሱ እውነትን አያወጣም። ለዳኛው የሚያሳየው አንድ ሰው ሁለት ነገር መናገሩን ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያመዛዝነው ዳኛው ነው።

በእውነተኛ ችሎት የሆነው

ማየትና መስማት መደባለቃቸው በልምምድ መዝገብ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። በ1987 በኢየሩሳሌም በጆን ደምያንዩክ ላይ በተካሄደው የፍርድ ሂደት ከትሬብሊንካ የሞት ካምፕ የተረፈው ኤሊያሁ ሮዘንበርግ ቀርቦ፣ ተከሳሹ «አስፈሪው ኢቫን» የሚባለው የጋዝ ክፍሉ ሠራተኛ መሆኑን መሰከረ። የመከላከያው ጠበቆች በ1947 በቪየና የሰጠውን የጽሑፍ ቃል አወጡ። በዚያ ቃል ውስጥ ኢቫን በነሐሴ 1943 በካምፑ በተነሳው ዓመፅ ጊዜ ተገድሏል ተብሎ ተጽፏል። የሞተ ሰው እንዴት ችሎት ይቀመጣል? ሮዘንበርግ የመለሰው፣ መሞቱን ያወቀው ከሌሎች ሰምቶ እንጂ አይቶ እንዳልሆነ፣ እንዲሆንም ይመኘው እንደነበረ ነው።

በ1988 ሦስቱ ዳኞች ምስክሮቹን አምነው በደምያንዩክ ላይ የሞት ፍርድ ፈረዱ። በ1993 ግን ከሶቪየት ኅብረት በመጡ መዛግብት ውስጥ የካምፑ ዘበኞች የነበሩ ሰዎች የኢቫን ስም ሌላ መሆኑን መናገራቸው ስለተገኘ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥርጣሬ አለ ብሎ በነጻ አሰናበተው። ለነጻነቱ ምክንያት የሆነው የሮዘንበርግ የቀድሞ ቃል አልነበረም። ነገር ግን በዚያ ቃል ላይ «ተገድሏል ሲሉ ሰማሁ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ከ40 ዓመት በኋላ በዚህ ነጥብ ባልተጨነቀ ነበር።

ወረቀቱ በችሎት አይሞትም

አሁን ነገሩን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ምስክሯ ለፖሊስ «ፊቱን አይቻለሁ» ብለው ፈርመው፣ ችሎት ሲቀርቡ ግን በጎረቤት ይሉኝታ «አላየሁም» ወይም «አላስታውስም» ቢሉስ? በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው «ችሎት ካልደገምኩት የፖሊሱ ወረቀት ዋጋ የለውም» ብሎ ያምናል። ይህ ትክክል አይደለም። በ1971 በወጣው የእስራኤል የማስረጃ ድንጋጌ ላይ በ1979 የተጨመረው አንቀጽ 10 አ (10 አሌፍ)፣ ምስክሩ ችሎት ቀርቦ በሁለቱም ወገን ሊጠየቅ ከቻለና የችሎት ቃሉ ከጽሑፉ በዋና ነገር ከተለያየ፣ ወይም አላስታውስም ካለ፣ ዳኛው የፖሊሱን ቃል እንደ ማስረጃ እንዲቀበልና ከችሎቱ ቃል አብልጦ እንዲያምነው ይፈቅዳል። ገደቡ አንድ ነው፤ በዚያ ወረቀት ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ የሚያጠናክረው ሌላ ማስረጃ መኖር አለበት። እንዲህ ሲሆን ዐቃቤ ሕጉ ራሱ የጠራውን ምስክር በዳኛው ፈቃድ እንደ ተቃዋሚ ምስክር፣ ኤድ ኦዬን፣ ቆጥሮ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በችሎት ሳይሆን ቃላችሁ በሚጻፍበት ሰዓት ነው። በ2002 የወጣው የተጠርጣሪዎች ምርመራ ሕግ ተጠርጣሪ በሚገባው ቋንቋ እንዲመረመር ያዛል። ያ ሕግ የተጻፈው ግን ለተጠርጣሪ እንጂ ለምስክር አይደለም። ምስክር ከሆናችሁ ራሳችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ እንድታስተረጉም አትፍቀዱ፤ አማርኛ የሚችል ትልቅ ሰው ይምጣልኝ በሉ። ሰዓት ስትናገሩ ቁጥሩን ብቻ አትስጡ፤ «ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ የቴሌቪዥኑ ዜና ሲጀምር» ብላችሁ ጨምሩበት። ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «እገሌ ነገረኝ» በሉ፤ ሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ይነበብላችሁ፤ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይታረም።

ወረቀቱ ተሳስቶ መፈረማችሁን ዘግይታችሁ ካወቃችሁ ደግሞ፣ የተከሳሹ ጠበቃ እስኪያነበው አትጠብቁ። ከችሎት በፊት ለዐቃቤ ሕጉ ንገሩት፤ በዋናው ጥያቄ ጊዜም «ለፖሊስ እንዲህ ተብሎ ተጽፎብኛል፤ ያልኩት ግን ይህ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብላችሁ በራሳችሁ አፍ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ጠበቃው ወረቀቱን ሲያነሳ፣ ዳኛው ልዩነቱንም ምክንያቱንም ከእናንተው አፍ ቀድሞ ሰምቷል።